ዜናውን የጻፈው ሰው ነው ወይስ ማሽን? በሃያ ደቂቃ ማጣራት የሚቻልበት አሠራር

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚታተመው ኮሎምበስ ዲስፓች ጋዜጣ በድረ ገጹ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የእግር ኳስ ግጥሚያ ዘገባ አወጣ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የሁለቱን ትምህርት ቤቶች ስም ጠርቶ ውጤቱ 2 ለ 1 መሆኑን ይናገራል። የቡድኖቹ ቅጽል ስም መግባት በነበረበት ቦታ ግን የሚነበበው ይህ ነበር፦

```
[[WINNING_TEAM_MASCOT]]
[[LOSING_TEAM_MASCOT]]
```

«የአሸናፊው ቡድን መለያ»፣ «የተሸናፊው ቡድን መለያ» ማለት ነው። ማሽኑ ቴምፕሌት፣ ማለትም አስቀድሞ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ነበረው፤ ሥራው ክፍት ቦታዎቹን ከውጤት ሰንጠረዥ እየወሰደ መሙላት ነው። በዚያን ዕለት መረጃው ስላልተገኘ ክፍት ቦታው ባዶውን ወጣ። የጋዜጣው ባለቤት ጋኔት ኩባንያ ነገሩ መነጋገሪያ ሲሆን አሠራሩን አቆመ።

እንዲህ ያለ ግልጽ ምልክት ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው። አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ቦታው በትክክል ይሞላል፣ ዓረፍተ ነገሩም ያለ እንከን ይፈስሳል። ቀጥሎ ያለው አሠራር ለእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ነው። አንድ ገጽ ለሚሆን ዜና ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ የሚያስፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና ኢንተርኔት ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ጽሑፉን እንዳለ አስቀምጡ

ማጣራት ስትጀምሩ የነበረው ጽሑፍ ስትጨርሱ ላይኖር ይችላል። እንዲህ ያሉ ዜናዎች ጥያቄ ሲነሳባቸው በዝምታ ይታረማሉ ወይም ይነሳሉ። ስለዚህ የገጹን ሊንክ web.archive.org ላይ አስገብታችሁ ቅጂ አስቀምጡ፣ ርእሱን፣ የጸሐፊውን ስምና የወጣበትን ሰዓት የሚያሳይ ስክሪንሾትም አንሡ። የፌስቡክ ወይም የቴሌግራም ልጥፍ ከሆነ web.archive.org ላይ ላይያዝ ስለሚችል ስክሪንሾቱ የግድ ነው።

1. አጽሙን አውጡ

እያንዳንዱ አንቀጽ ምን እንደሚሠራ ከአምስት ባልበለጡ ቃላት በወረቀት ጻፉ፦ «ምን እንደሆነ»፣ «ባለሥልጣን አስተያየት»፣ «እማኝ»፣ «ማጠቃለያ»። ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመልሳችሁ የቦታውን፣ የሰውንና የቀኑን ስም በእርሳስ ሸፍኑና አንብቡት። የቀረው ዓረፍተ ነገር በማንኛውም ከተማ፣ በማንኛውም ሳምንት ለደረሰ ተመሳሳይ ጉዳይ የሚሆን ከሆነ ምልክት አድርጉበት። በቦታው የነበረ ሰው ብቻ ሊያውቀው የሚችል ነገር ያለበትን ዓረፍተ ነገር ደግሞ አስምሩበት፤ በየትኛው በር ተገባ፣ ዝናቡ መቼ ጀመረ፣ ጎሉን ማን አገባ የሚል።

የኦሃዮው ዘገባ በዚህ ፈተና ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ማሽኑ የተሰጠው የውጤት ሰንጠረዥ ነው። ስለዚህ የቡድኖቹን ስም፣ ውጤቱን፣ ቀኑን ያውቃል። ጎሉን ማን እንዳገባ፣ አሠልጣኙ ምን እንዳለ፣ ሜዳው ምን እንደሚመስል አያውቅም። ባዶውን ለመሙላት ያለው አማራጭ ማስዋብ ነው፤ በመሆኑም በዚያ ሰሞን ከወጡት ዘገባዎች መካከል አንዱ ግጥሚያውን «የስፖርት ዓይነት የቅርብ ግንኙነት» እስከ ማለት ደርሷል። የጨዋታ ዘገባ ውስጥ የተጫዋች ስም አለመኖሩ ድንገተኛ ጉድለት አይደለም፤ ጽሑፉ ከምን መረጃ እንደተሠራ ይናገራል። ለማንኛውም ዜና ይህን ጠይቁ፦ እዚህ የጠፋው ነገር ሪፖርተር ሳይጠይቅ የማይመለስበት ነገር ነው?

ቀጥሎ ከጽሑፉ መሐል፣ ቁጥርና ስም የሌለባቸውን ከአምስት እስከ ሰባት ተከታታይ ቃላት መርጣችሁ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ፈልጉ። የእንግሊዝኛው ዘገባ ቢሆን እንዲህ ይጻፋል፦

```
"close encounter of the athletic kind"
```

በአማርኛ ሲሆን አንድ ችግር አለ። ፍለጋው ፊደሉን እንደተጻፈ ስለሚያነጻጽር «ኅብረተሰብ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ «ህብረተሰብ» ተብሎ የተጻፈው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ፣ ሠ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ እና ዘሮቻቸው ያሉባቸውን ቃላት በተቻለ መጠን አስወግዱ፤ ካልሆነ በሁለቱም አጻጻፍ ሞክሩ። ያው ሐረግ በተለያየ ቀን፣ ስለተለያየ ጉዳይ በወጡ ዜናዎች ውስጥ ከተገኘ ቴምፕሌቱን አገኛችሁት። ስለ አንድ ጉዳይ በአንድ ቀን በብዙ ገጾች ከተገኘ ግን መገልበጥ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሌላ ነገር ነው።

የጽሑፉን የመጨረሻ አንቀጽ በተለይ በጥንቃቄ አንብቡ፤ ማሽኑ የራሱን አሠራር የሚያሳብቀው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት በሚታተመው ኮዲ ኢንተርፕራይዝ ጋዜጣ ላይ ስለ አንድ የበዓል ሰልፍ የወጣ ዜና መጨረሻው ላይ ስለ ሰልፉ መናገሩን ትቶ፣ ይህ አጻጻፍ ዋናውን መረጃ በማስቀደም አንባቢ ቶሎ እንዲረዳ እንደሚያደርግ ማስረዳት ጀመረ። ማሽኑ ለአዛዡ የሰጠው ማብራሪያ ሳይቆረጥ አብሮ ታተመ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። ወጥ ቅርጽ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ቢሮ ዜና «ገለጹ»፣ «አሳሰቡ»፣ «ጥሪ አቀረቡ» እያለ በአንድ መስመር ሲሄድ ማሽን ከመምጣቱ በፊትም እንደዚሁ ነበር፤ የሚጽፈው ሰው ነው። በተቃራኒው አሶሼትድ ፕሬስ የዜና ወኪል እ.ኤ.አ. በ2014 የኩባንያዎችን የሩብ ዓመት ገቢ ዜና በሶፍትዌር ማውጣት ጀመረ፤ ዜናው በማሽን መዘጋጀቱንና መረጃው ከየት እንደመጣ ግርጌው ላይ ይገልጽ ነበር። የመጀመሪያው ቴምፕሌት መስሎ የሰው ሥራ ነው፤ ሁለተኛው የማሽን ሥራ ሆኖ አንባቢን አላታለለም። አጽሙ የሚነግራችሁ የት ማጣራት እንዳለባችሁ ነው።

2. ለእያንዳንዱ ቃል ባለቤት ፈልጉ

ወረቀታችሁን ለሁለት ክፈሉ። በግራ ጽሑፉ የሚላቸውን ዋና ዋና ነገሮች፣ በቀኝ ደግሞ ያንን ማን እንዳለው ጻፉ። በቀኝ በኩል ሊጻፍ የሚችለው ሦስት ዓይነት ነው፦ ስምና ኃላፊነቱ የተጠቀሰ ሰው፣ ሊገኝ የሚችል ሰነድ፣ ወይም ማንም። «ባለሙያዎች እንደሚሉት»፣ «የአካባቢው ባለሥልጣናት እንደገለጹት»፣ «መረጃዎች እንደሚያመለክቱት» የሚሉት ሁሉ «ማንም» በሚለው ሥር ይግቡ።

ስም አለመጠቀሱ ብቻውን አያስጠረጥርም። በእኛ አገር ስሙ ቢወጣ ጉዳት የሚደርስበት ምንጭ ብዙ ነው፤ በጥንቃቄ የሚሠራ ሪፖርተርም ይደብቀዋል። ነገር ግን ሲደብቀው ምክንያቱን ይነግራችኋል፦ «ለደኅንነታቸው ሲሉ ስማቸው እንዳይጠቀስ የጠየቁ የከተማዋ ነዋሪ» ይላል። ሰውየው ጉዳዩን እንዴት እንዳወቀ፣ ቃሉን በስልክ ይስጥ በአካል ይጠቁማል። ማሽን የጻፈው ምንጭ ይህ ሁሉ የለውም። የመጣበት መንገድ አይታወቅም፣ ለምን እንደተደበቀም አይነገርም።

በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለ ንግግር ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል። ሰው ሲናገር ነገሩን ይቆርጣል፣ ይደግማል፣ የሰፈሩን ስም ይጠራል፣ ያልተጠየቀውን ያነሳል። የተፈጠረ ጥቅስ ግን በዙሪያው ያለው ትረካ የሚለውን በሌላ ቃል ይደግማል፤ ከዚያ ውጭ አዲስ ነገር አይጨምርም። ጥቅሱን ስታወጡት ዜናው ምንም ካልጎደለበት ከጎኑ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መደወል ነው። የኮዲው ጉዳይ የተጋለጠው በዚህ መንገድ ነበር። የሌላ ጋዜጣ ሪፖርተር የተጠቀሱትን ሰዎች አንድ በአንድ ሲያነጋግር ያንን ቃል ለጋዜጣው እንዳልሰጡ ነገሩት። ጥቅሶቹ በኤአይ የተፈጠሩ መሆናቸው ታወቀ፣ የጻፋቸውም ሥራውን ለቀቀ። ለእናንተም አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ «ይህን ቃል ለዚህ ተቋም ሰጥተዋል ወይ?» መደወል ካልተቻለ የሰውየውን ስም ከመሥሪያ ቤቱ ስም ጋር በትምህርተ ጥቅስ ፈልጉ። ኃላፊ የተባለ ሰው በመሥሪያ ቤቱ ገጽ፣ በሌላ ዜና፣ በየትም ካልተገኘ ይህም ይመዝገብ።

የጸሐፊውንም ስም በዚሁ መንገድ አጣሩ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ስፖርትስ ኢለስትሬትድ ድረ ገጽ ላይ ስምና የሕይወት ታሪክ የነበራቸው ጸሐፊዎች በእውን የሌሉ ሰዎች ሆነው ተገኙ፤ የአንዱ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር የተሠሩ ፊቶች በሚሸጡበት ገጽ ላይ ለሽያጭ ቀርቦ ነበር። ፎቶውን በምስል ፍለጋ አስገቡ፣ ስሙንም በዚያ ገጽ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ውጭ ፈልጉ። በአንድ ቀን ስለ ጤና፣ ስለ እግር ኳስና ስለ ውጭ ምንዛሪ ዐሥርና ከዚያ በላይ ረጃጅም ዜና የሚያወጣ ስም የአንድ ሪፖርተር ስም ሊሆን አይችልም።

3. ጽሑፉን ከራሱ ጋር አፋጥጡት

ማሽን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አሳምሮ ይጽፋል። የሚሳነው ከላይ ያለውን ከታች ካለው ጋር ማስታረቅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ስሙን ሁሉ በቅደም ተከተል አውጥታችሁ ደርድሩ። ለማሳያ ያህል ለዚህ መመሪያ የተሠራ የዜና ናሙና እነሆ፦

> በከተማው ገበያ ረቡዕ ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ከቀኑ 2 ሰዓት ላይ በተነሳ እሳት 14 ሱቆች ሙሉ በሙሉ ወደሙ። የአካባቢው ባለሥልጣናት እንደገለጹት የእሳቱ መንስኤ በመጣራት ላይ ነው። አንዲት የዓይን እማኝ «ሁኔታው በጣም አስደንጋጭ ነበር» ሲል ተናግሯል። በአደጋው 9 ሱቆች ሙሉ በሙሉ፣ 6ቱ በከፊል የተቃጠሉ ሲሆን የእያንዳንዱ ሱቅ ጉዳት በአማካይ 400 ሺህ ብር፣ ድምሩ 8 ሚሊዮን ብር ይገመታል። ክስተቱ የእሳት መከላከል ሥራን አስፈላጊነት ያጎላል።

በጥድፊያ ለሚያነብ ሰው ምንም የጎደለው አይመስልም። አሁን ደርድሩት።

ከሱቆቹ እንጀምር። ከላይ ሙሉ በሙሉ የወደሙት 14 ናቸው፣ ከታች 9። በከፊል የተቃጠሉት ሲጨመሩ 15 ይሆናሉ እንጂ 14 አይሆኑም። 15 ሱቅ በ400 ሺህ ሲባዛ 6 ሚሊዮን ብር ነው። 8 ሚሊዮን እንዲመጣ 20 ሱቅ መቃጠል ነበረበት፤ 20 የሚል ቁጥር ደግሞ ጽሑፉ ውስጥ የለም። ሰው ሲሳሳት አብዛኛውን ጊዜ የስሕተቱ መነሻ ይታያል፤ 14ን 41 ይላል፣ የትናንቱን አኃዝ ሳያርም ይተዋል፣ ሁለት ኃላፊዎች የሰጡትን የተለያየ ቁጥር ያስገባና ማን የትኛውን እንዳለ ይነግራችኋል። እዚህ ያሉት ቁጥሮች ግን ከየትም ተነሥቶ ቢሰላ አይገናኙም።

ቀኑን ለማጣራት ካሌንደር እንኳ አያስፈልግም። ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ከአንዱ ወር መባቻ ወደ ቀጣዩ ስንሄድ ዕለቱ ሁለት ቀን ወደፊት ይሄዳል። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ነበር። ስለዚህ ጥቅምት 1 ቅዳሜ፣ ኅዳር 1 ሰኞ ይውላል። ኅዳር 15 ሁለት ሳምንት ቆጥሮ ሰኞ፣ ኅዳር 16 ማክሰኞ ነው። ዜናው ረቡዕ ይላል። ማሽኑ ዕለቱንና ቀኑን ለየብቻ ይጽፋቸዋል እንጂ አንዱን ከሌላው ጋር አያሰላም።

«ከቀኑ 2 ሰዓት» የሚለውም አገርኛ አነጋገር አይደለም። በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ከጠዋቱ ወይም ከምሽቱ ነው። ይህ የመጣው በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ከሚል ጽሑፍ ሳይሆን አይቀርም፤ ያ ደግሞ በእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ቸኩሎ የሚተረጉም ሰውም ሊዘነጋው ስለሚችል ለብቻው አይፈረድበትም፤ ከሌሎቹ ጋር ይደመር።

እማኟስ? «አንዲት» ተብላ ጀምራ «ተናግሯል» ላይ ወንድ ሆነች። በአማርኛ ግስ ጾታና አክብሮትን ተሸክሞ ስለሚሄድ ማሽን በብዛት የሚሰናከለው እዚህ ነው። ሰላም ወይም ደስታ የሚባል ምንጭ በአንዱ አንቀጽ «አለች»፣ በሚቀጥለው «አለ» ሲሆን፣ ከንቲባው ከላይ «አስረዱ» ተብለው ከታች «አስረዳ» ሲባሉ አስምሩበት። ምንጩን ያነጋገረ ሪፖርተር ወንድ ይሁን ሴት፣ አንቱ ይበለው አንተ ያውቃል። እንዲሁም አቶ አበበ ከበደ ብሎ ጀምሮ ወደታች «ከበደ እንዳሉት» የሚል ጽሑፍ አባትየውን ምንጭ አድርጎታል፤ የአባትን ስም እንደ ፈረንጅ ቤተሰብ ስም ከሚቆጥር ቋንቋ በቀጥታ ተገልብጧል ማለት ነው።

ገንዘብና መቶኛ ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በስልካችሁ ካልኩሌተር አስሉት። ሲኔት የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በማሽን የተጻፉ 77 የገንዘብ ነክ ጽሑፎችን አውጥቶ ነበር። አንዱ ጽሑፍ 10,000 ዶላር በዓመት 3 በመቶ ወለድ ቢቀመጥ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ 10,300 ዶላር ታተርፋላችሁ ይላል። ትርፉ 300 ዶላር ነው፤ 10,300 ዋናው ገንዘብ ሲጨመር የሚገኘው ድምር ነው። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው ቁጥር ሁሉ እውነተኛ ስለሆነ ዐይን አልፎት ይሄዳል፤ የሚያጋልጠው «ታተርፋላችሁ» የሚለው ቃል ነው። ሲኔት በ2023 መልሶ ሲመረምር ከ77ቱ በ41ዱ ላይ እርማት አስገብቷል።

4. ከውጭ አንድ ነገር ብቻ አጣሩ

ሁሉንም ለማጣራት ከሞከራችሁ ትደክማላችሁ። ዜናው እውነት ከሆነ ሌላ ቦታ የግድ ዱካ የሚተውን አንድ ነገር ምረጡ። 15 ሱቅ ያቃጠለ እሳት በከተማው እሳት አደጋ መከላከል፣ በነጋዴዎች ገጽ፣ በነዋሪ ቪዲዮ ላይ ይታያል። የመሬት መንቀጥቀጥ ከሆነ የተሰማው ሰው ይናገራል።

ይህ ደረጃ ጽሑፉ ከራሱ ጋር ፍጹም ሲስማማም አይዘለልም። እ.ኤ.አ. በጁን 2017 የሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ የመሬት መንቀጥቀጥ ዜና የሚጽፍ ፕሮግራም በሳንታ ባርባራ አካባቢ መጠኑ 6.8 የደረሰ መንቀጥቀጥ ዘገበ። ምንጩ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ነው፣ ቁጥሩም ተፋልሶ የለውም። ግን መሬት የተንቀጠቀጠበት ሰው አልነበረም። የተላከው መረጃ በ1925 የደረሰውን አደጋ የሚመለከት ሲሆን በእርማት ሥራ ላይ ሳለ በስሕተት ተለቀቀ፣ ዓመቱም 2025 ይል ነበር። ቀኑ ስምንት ዓመት ወደፊት መሆኑን ፕሮግራሙ አልጠየቀም።

5. ፍርዱን በልኩ ጻፉ

«ይህን ማሽን ጻፈው» የምትሉት ያልተሞላ ክፍት ቦታ፣ የማሽን ማብራሪያ ወይም የተቋሙ የራሱ ቃል ስታገኙ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለውን በያዛችሁት ልክ ተናገሩ፦ «ከሰባት ዋና ዋና ነገሮች ስድስቱ ምንጭ የላቸውም፤ የሱቆቹ ቁጥር በሁለት ቦታ ይለያያል፤ ዕለቱና ቀኑ አይገጥሙም።» እንዲህ ስትሉ ጸሐፊው ሰው ሆኖ ቢገኝ እንኳ የተናገራችሁት አይፈርስም።

ጽሑፉን መርማሪ ፕሮግራም ውስጥ አስገብታችሁ የሚሰጠውን መቶኛ እንደ ማስረጃ አታቅርቡ። ኦፕን ኤአይ በ2023 ያወጣው የራሱ መርማሪ በእንግሊዝኛ ሲፈተሽ በማሽን ከተጻፉት ውስጥ «የማሽን ሳይሆን አይቀርም» ያለው 26 በመቶውን ብቻ ነበር፤ ሰው ከጻፋቸው ደግሞ 9 በመቶውን የማሽን ናቸው ብሏል። ኩባንያው በዚያው ዓመት በጁላይ መርማሪውን አነሳው። ከመቶ ዘጠኝ ሪፖርተር በሐሰት የሚከስ መሣሪያ ይዞ የሰው ስም መጥራት ግፍ ነው።

የቀረው ለአሳታሚው መጻፍ ነው። ኢሜይሉን በሁለት ጥያቄ ገድቡት፦ ጥቅሱን ከእማኟ የተቀበለው ማን ነው፣ በየትኛውስ ቀን? የሱቆቹን ቁጥር የሰጠው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው? ሪፖርተር ያለው ዝግጅት ክፍል ማስታወሻ ደብተሩን ገልጦ ይመልሳል። ከመልሱ በፊት ዜናው ከተቀየረ ከመጀመሪያው ያስቀመጣችሁትን ቅጂ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡና የተለወጠውን መስመር ከነሰዓቱ መዝግቡ።